ሲዲ ፎር 164፣ መድኃኒት ከጀመረ 8 ሳምንት፣ የቢጫ ወባ ካርድ ተጠየቀ፦ የትኛው ክትባት አሁን፣ የትኛው ቆይቶ?

አዘዞ_07 · ሰኞ ማታ 1፡40

ሰላም ለቤቱ። የምጠይቀው ለአንድ የቅርብ ዘመዴ ነው። ዕድሜው 41 ነው፣ እዚሁ ጎንደር ይኖራል። ኤች.አይ.ቪ በደሙ እንዳለ ካወቀ ገና ሦስት ወሩ ነው። ቲኤልዲ የሚባለውን መድኃኒት በቀን አንድ ፍሬ መውሰድ ከጀመረ ዛሬ 8 ሳምንት ሆነው፣ ባክትሪምም አብሮ ይወስዳል። ሲጀምር ሲዲ ፎሩ፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎቹ ቁጥር፣ 164 ነበር። ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን ምርመራ፣ ገና አልተሠራለትም፣ ቀጠሮው ከአሁን ስድስት ወር በኋላ ነው ብለውታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ24 ቀን በኋላ ለሥራ ወደ ካምፓላ ይሄዳል፣ እዚያ ሲገባ የቢጫ ወባ ካርድ ይጠይቁታል። የጉዞ ወረቀቱን የሚያስጨርስለት ልጅ ደግሞ "መርፌዋን ዛሬውኑ ተወጋና ካርዱን ይዘህ ና" ይለዋል። ክትባቱን መውሰድ ይችላል? ካልቻለስ ካርዱ እንዴት ይሆናል? ሌላው ጥያቄ፣ የጉበት ቢ ክትባትም ውሰድ ተብሎ ነበር፣ እሱንም ቫይረሱ እስኪወርድ ማቆየት አለበት?

---

ባሶ_ልጅ · ሰኞ ማታ 2፡05

ወንድሜ አትጨነቅ። ይሄ አዲሱ መድኃኒት ከድሮዎቹ ጋር አይወዳደርም፣ ቫይረሱን በአንድ ወር ውስጥ ይጥለዋል። 8 ሳምንት ከወሰደማ ቫይረሱ ወርዷል ማለት ነው። ቫይረሱ የወረደለት ሰው እንደማንኛውም ጤነኛ ነው። ሁሉንም መከተብ ይችላል፣ ቢጫ ወባንም ጨምሮ።

---

ተስፋዬ_ነኝ · ሰኞ ማታ 2፡20

የኤች.አይ.ቪ ክትባት መጣ እንዴ? በስድስት ወር አንዴ የሚወጉት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ ጋ ጎንደር ደርሷል?

---

ሲስተር_ማራኪ · ሰኞ ማታ 3፡10

ተስፋዬ፣ አንተ የሰማኸው ሌናካፓቪር የሚባለው መርፌ ነው። እሱ ክትባት አይደለም። ኤች.አይ.ቪ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ በየስድስት ወሩ የሚወጋው መድኃኒት ነው። እዚህ የተጠየቀው ሌላ ነው፦ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ለሌሎች በሽታዎች የትኛውን ክትባት መውሰድ ይችላል የሚለው። የራስህን ጥያቄ ለብቻው ክፈትና እንነጋገርበት።

ባሶ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል፣ ግማሹ ግን አደገኛ ነው። ዶሉተግራቪር ያለበት መድኃኒት ቫይረሱን ቶሎ ያወርዳል፣ እውነት ነው። ብዙ ሰው በአንድና በሁለት ወር ውስጥ ከ50 በታች ይደርሳል። ሲዲ ፎር ግን በዚያ ፍጥነት አይመለስም። ቫይረሱ እሳቱ ነው ካልን፣ ሲዲ ፎሩ የተቃጠለው ቤት ነው፤ እሳቱን በአንድ ቀን ታጠፋዋለህ፣ ቤቱን ግን በአንድ ቀን አትሠራውም። በ164 የጀመረ ሰው በስምንተኛው ሳምንት ቫይረሱ ላይታይ ይችላል፣ ሲዲ ፎሩ ግን ምናልባት 200ን ገና አላለፈም።

የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ የተዳከመ ግን በሕይወት ያለ ቫይረስ ነው። በሰውነት ውስጥ ይራባል፣ የሚሠራውም በዚያው ነው። የሚያቆመው መከላከያ ከሌለ መራባቱን ይቀጥልና ራሱ በሽታ ይሆናል። ለዚህ ነው ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች ለሆነ አዋቂ የማይሰጠው። ከ200 እስከ 499 ከሆነ ደግሞ በጥንቃቄ፣ የሚሄድበት አገር አደጋና የእሱ ሁኔታ ተመዝኖ ነው። 500 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤች.አይ.ቪው ብቻውን ምክንያት ሆኖ አይከለክለውም።

ስለዚህ አዘዞ፣ ለዘመድህ መልሱ፦ አሁን አይወጋም። 24 ቀን ቢጠብቅም ያው ነው። ካርዱ እኮ ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፣ ስለዚህ ክትባቱን ቢያገኝ እንኳ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ 164 የነበረ ሰው ደህና ወደምንለው ቁጥር አይደርስም።

---

የደላላው_ጓደኛ · ሰኞ ማታ 3፡32

ሰው ለምን ይጨነቃል? ካርዱን ያለ መርፌ ማህተም አድርገው የሚሰጡ አሉ። ገንዘብ ነው። አይወጋም፣ ካርድም ይኖረዋል፣ አለቀ።

---

ሲስተር_ማራኪ · ሰኞ ማታ 3፡50

አላለቀም። በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ወረቀት እያለ ሐሰተኛ ካርድ መግዛት ለምን ያስፈልጋል? በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ አባሪ 6 ላይ፣ ሐኪም ክትባቱ ለዚህ ሰው በሕክምና ምክንያት አይሰጥም ብሎ ካመነ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ጽፎ ይሰጠዋል ይላል። ቢጫው ካርድ ራሱ ላይም ለዚህ የሚሆን ገጽ አለ። ደብዳቤው ላይ የሐኪሙ ስም፣ ፊርማና የተቋሙ ማህተም ይኑር፣ ቀንም ይጻፍበት። ኤች.አይ.ቪ የሚል ቃል መጻፉ ግዴታ አይደለም። "ሕይወት ያለው ክትባት እንዳይወስድ የሚያደርግ የሕክምና ሁኔታ አለበት" ማለት ይበቃል። ከአገር አገር የሚያልፍ ወረቀት ስለሆነ ምስጢሩም ይጠበቅለት።

የሐሰተኛ ካርድ ሌላው ጉዳት ኋላ ነው የሚመጣው። ካርዱ ላይ ከሁለት ዓመት በኋላም "ተከትቧል" የሚል ይነበባል። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ጊዜ የተሰጠ ካርድ ለዕድሜ ልክ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሲዲ ፎሩ ተመልሶ ክትባቱን በሰላም መውሰድ በሚችልበት ጊዜ ማንም አይከትበውም፣ እሱም የረሳው ነገር ይሆናል። ከዚያ በሽታው ያለበት ቦታ ሄዶ ትንኝ ሲነክሰው ማህተሙ አይከላከልለትም።

---

አዘዞ_07 · ሰኞ ማታ 4፡15

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሺ ደብዳቤው ይጻፍለት። ድንበር ላይ ግን ይቀበሉታል? አንዳንዱ "ወረቀት አላውቅም" ብሎ ይመልሳል ይባላል።

---

ሲስተር_ማራኪ · ሰኞ ማታ 4፡40

ሊጉላላ ይችላል፣ ይህን አልደብቅህም። ደንቡ ተቀባዩ አገር ደብዳቤውን ከግምት ያስገባ ዘንድ ነው የሚያዝዘው፣ ግን ሰውየውን ለተወሰኑ ቀናት በጤና ክትትል ሥር የማድረግ መብትም ይሰጠዋል። ለቢጫ ወባ የሚቆጠረው እስከ 6 ቀን ነው። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት አዲስ አበባ ያለውን ኤምባሲ ደውሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ቢያገኝ ይሻላል።

እኔ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ድንበሩ አይደለም። ኡጋንዳ ውስጥ ቢጫ ወባ በእውነት አለ፣ ደብዳቤው ደግሞ ትንኝ አያባርርም። ጉዞው በስድስት ወር ቢገፋ ወይም ሌላ ሰው ቢሄድለት የተሻለው እሱ ነው። የግድ ከሆነ ይህን ይወቅ፦ የቢጫ ወባ ትንኝ በቀን ነው የምትናከሰው። እኛ ደምቢያና መተማ ለወባ የለመድነው የማታ አጎበር ብቻውን አይበቃም። ቀን ቀን እጅጌው ረዥም ልብስ ይልበስ፣ ቁርጭምጭሚቱን ይሸፍን፣ ትንኝ የሚያባርር ቅባት ይዞ ይሂድ።

---

ሕይወት_ያለው_ክልክል · ማክሰኞ ጠዋት 2፡00

እኔ የተማርኩት ሕይወት ያለው ክትባት ኤች.አይ.ቪ ላለበት ሰው ፈጽሞ አይሰጥም የሚል ነው። ለምን 200 ምናምን ትላላችሁ? ኩፍኝም፣ ቢሲጂም፣ ቢጫ ወባም ክልክል ነው፣ አበቃ።

---

የላብራቶሪ_ሰው · ማክሰኞ ጠዋት 3፡25

"ፈጽሞ" የሚለው ነው የተሳሳተው። ሕይወት ያላቸው ክትባቶች ራሳቸው እኩል አይደሉም። ቢሲጂ ኤች.አይ.ቪ ላለበት አዋቂ አይሰጥም፣ እዚያ ላይ እንስማማለን። ኩፍኝ ግን ሌላ ነው። ሲዲ ፎሩ 200 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ አዋቂ፣ መከላከያ ከሌለው የኩፍኝ ክትባት ቢወስድ ጥቅሙ ያመዝናል። የኩፍኝ በሽታ ራሱ ለእነዚህ ሰዎች ከክትባቱ እጅግ የከፋ ነው። ሕፃናት ላይማ እንዲያውም ተጨማሪ ዶዝ በስድስተኛው ወር ይመከራል።

ስለ 200 ቁጥር ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲዲ ፎር እንደ ቁመት አንዴ ተለክቶ የሚቀር ቁጥር አይደለም። ጠዋትና ከሰዓት ይለያያል፣ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ሲይዝ ይወርዳል፣ ማሽኑም የራሱ ልዩነት አለው። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት 190 እና 215 ቢወጣለት በሰውነቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ 208 ስለወጣ "በቃ ከ200 አለፈ" ብሎ ሮጦ መወጋት ልክ አይደለም። ሁለት ልኬት፣ በመካከሉ ወራት ያሉበት፣ ሁለቱም ከ200 በላይ፣ ቫይራል ሎዱም የወረደ፤ ያኔ ነው ልቤ የሚያርፈው።

ሌላ ወጥመድ አለ። ከጣት ደም የሚሠራ፣ ከ200 በላይ ወይም በታች መሆኑን ብቻ የሚናገር ፈጣን ምርመራ አለ። እሱ ለከባድ ሕመም መለያ ጥሩ ነው። ለቢጫ ወባ ውሳኔ ግን "ከ200 በላይ" የሚል መልስ አይበቃም፤ 210ም 600ም ያው "በላይ" ነው፣ የእኛ ውሳኔ ግን በሁለቱ መካከል ይለያያል። ቁጥሩ የሚወጣበት ምርመራ እንዲሠራለት ይጠይቅ።

---

ባሶ_ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 4፡00

እሺ ገባኝ፣ ለሲዲ ፎሩ ተረታሁ። ግን ታዲያ ቫይራል ሎዱ ለምን ይጠየቃል? የሚወስነው ሲዲ ፎር ከሆነ እኮ ቫይራል ሎድ ምንም አይሠራም ማለት ነው።

---

ሲስተር_ማራኪ · ማክሰኞ ቀን 6፡30

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ከትናንት ጀምሮ እዚህ ላይ ለመድረስ ነበር የፈለግሁት። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው የተቀላቀሉት። አንዱ "ክትባቱ ይጎዳዋል ወይ?" ነው፤ ይህ ሕይወት ያላቸውን ብቻ ይመለከታል፣ በዋናነት የሚመልሰውም ሲዲ ፎሩ ነው። ሌላው "ክትባቱ ይይዝለታል ወይ?" ነው፤ ይህ ሁሉንም ይመለከታል፣ እዚህ ላይ ቫይራል ሎዱ ትልቅ ድርሻ አለው። ቫይረሱ እየተራባ ያለበት ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው፣ የተሠራውም መከላከያ ቶሎ ይሳሳል። ቢጫ ወባም ቢሆን፣ ቫይረሱ ሳይወርድ የተከተቡ ሰዎች የሚያወጡት አንቲቦዲ ዝቅ ያለ ነው።

ስለዚህ የሞቱ ክትባቶች፣ ማለትም የጉበት ቢ፣ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የማጅራት ገትር ኮንጁጌት፣ የሳንባ ምች ኮንጁጌት፣ የማህፀን በር ካንሰር፣ በማንኛውም ሲዲ ፎር ሊሰጡ ይችላሉ። አይጎዱም። የሚመጣው ጥያቄ "ብንቆይ የተሻለ ይይዛል ወይስ በመቆየታችን በሽታው ይቀድመናል?" ብቻ ነው። አንዳንዱ ላይ መቆየት የለም። ዘመድህን ነገ ውሻ ቢነክሰው ሲዲ ፎር አይጠየቅም፤ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ክትባቱን ይጀምራል። ሲዲ ፎሩ ዝቅተኛ መሆኑን ግን ይናገር፣ ምክንያቱም ኢሚውኖግሎቡሊኑና የዶዙ ቁጥር በዚያ ይወሰናል።

---

መተማ_መንገድ · ማክሰኞ ቀን 8፡10

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። እኛ ወደ ቋራ፣ ወደ በርሚል ጊዮርጊስ ፀበል የምንሄድ ብዙዎች ነን። በ2023 እ.ኤ.አ. እዚያ ኮሌራ ገብቶ ነበር። የአፍ ክትባት ሲሰጥ "በአፍ የሚወሰድ ሕይወት ያለው ነው፣ አትውሰዱ" የሚል ሰው ነበር። እውነት ነው?

---

የላብራቶሪ_ሰው · ማክሰኞ ቀን 8፡45

አይደለም። በወረርሽኝ ጊዜ የሚታደለው የኮሌራ የአፍ ክትባት የተገደለ ባክቴሪያ ነው። በአፍ መወሰዱና በሕይወት መኖሩ አይገናኙም። ሰውየው ከፖሊዮ ጠብታ ጋር አሳስቶት ይሆናል። በማንኛውም ሲዲ ፎር ይውሰዱት። ሲዲ ፎሩ ዝቅ ያለ ሰው ግን "ተከትቤአለሁ" ብሎ ያልፈላ ውኃ አይጠጣ፣ የሚይዝለት መጠን ሊያንስ ይችላልና። በወረርሽኝ ጊዜ አንድ ዶዝ ብቻ ነው የሚታደለው፣ ጥበቃውም ከሁለቱ ያነሰ ጊዜ ነው የሚቆየው።

አንድ ነገር ግን በጣም አስፈላጊ ነው፦ ፀበል ቦታ ሲኬድ መድኃኒቱ አይቋረጥ። ቫይረሱ ሲመለስ ክትባቱም ጭምር ነው የሚዳከመው።

---

ፋርማሲ_ፒያሳ · ማክሰኞ ማታ 1፡15

ስለ ጉበት ቢ እኔ ልናገር፣ የምሸጠውም የማየውም ስለሆነ።

መጀመሪያ ምርመራ ነው። የጉበት ቢ ሰርፌስ አንቲጅን ይታይ። ፖዘቲቭ ከሆነ ክትባቱ ምንም አይጠቅመውም፣ ገንዘቡን ነው የሚጥለው። በእርግጥ እየወሰደው ያለው ቲኤልዲ ውስጥ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን አሉ፤ ሁለቱም የጉበት ቢ ቫይረስን ይጫናሉ። ለዚህም ነው ፖዘቲቭ የሆነ ሰው መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ወይም ሳይታይለት ወደ ሌላ መቀየር የሌለበት፤ የተጫነው የጉበት ቫይረስ በአንድ ጊዜ ይነሳል።

ኔጋቲቭ ከሆነ ክትባቱ ዛሬ፣ ከወር በኋላ እና በስድስተኛው ወር ይሰጣል። ኤች.አይ.ቪ ላለበት አዋቂ ግን ብዙ መመሪያዎች በየጊዜው እጥፍ ዶዝ፣ ማለትም በ20 ማይክሮግራም ፈንታ 40፣ ይላሉ። እዚህ ገበያ ላይ የሚገኘው 20 ነው። ስለዚህ ሁለት ብልቃጥ ገዝቶ አንዱን በግራ ክንድ፣ አንዱን በቀኝ ክንድ። በአጠቃላይ 6 ብልቃጥ ነው፣ ዋጋውን አስቀድሞ ያስላ።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ቂጥ ላይ የሚወጉ አሉ። ይህ ክትባት ክንድ ላይ፣ ትከሻ ሥር ባለው ጡንቻ ነው። ቂጥ ላይ ስብ ውስጥ ይቀርና ምላሹ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ሰዎች ከፋርማሲ ገዝተው በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ከሙቀት ይበልጥ ግን የሚገድለው በረዶ ነው። ደግ አደርግ ብሎ ፍሪዘር ውስጥ ወይም በቀጥታ በረዶ ላይ ያስቀመጠ ሰው ክትባቱን አበላሽቶታል። በረዶ የመታው ብልቃጥ ሲነቀነቅ ደቃቅ ፍርፋሪ ይታይበታል፣ ሲቀመጥም ቶሎ ይዘቅጣል። ሦስተኛ፣ ሁለተኛው ቀን ያለፈበት ሰው "ከመጀመሪያው ጀምር" ይባላል። አያስፈልግም፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

---

ሲስተር_ማራኪ · ማክሰኞ ማታ 2፡00

ፋርማሲ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ልጨምር የምፈልገው፣ ከመጨረሻው ዶዝ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የአንቲ ኤችቢኤስ፣ ማለትም ክትባቱ የፈጠረው አንቲቦዲ፣ መጠን ይለካ። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይዟል ማለት ነው። ከ10 በታች ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ዙር በእጥፍ ዶዝ ይደገማል። ሳይለኩ መተው ነው ትልቁ ስህተት፤ ኤች.አይ.ቪ በሌለበት ሰው ብዙ ጊዜ ላይለካ ይችላል፣ እዚህ ግን አይታለፍም።

---

ፋርማሲ_ፒያሳ · ማክሰኞ ማታ 2፡25

እዚህ ላይ ግን አልስማማም፣ ሲስተር ይቅርታ ያድርጉልኝ። 164 ላይ ያለ ሰው አሁን 6 ብልቃጥ ከሚያወጣ፣ ቫይራል ሎዱ ታይቶ ሲዲ ፎሩ ከ200 ሲያልፍ ቢጀምር አይሻልም? በመድኃኒቱ ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር እስከዚያ ድረስ ከጉበት ቢ በመጠኑ ይጠብቀዋል። አሁን ቢወጋ ሊይዝለት የሚችለው ዕድል ያነሰ ነው። ሁለት ጊዜ ገንዘብ ከሚያወጣ አንድ ጊዜ በደንብ ቢያወጣ ይሻላል።

---

ሲስተር_ማራኪ · ማክሰኞ ማታ 2፡50

ያልከው ሐሳብ የብዙ ሐኪሞችም ነው፣ አላጣጥለውም። እኔ ግን "ሲዲ ፎር እስኪያድግ" ማለት እኛ ጋ ብዙ ጊዜ "እስኪረሳ" ማለት እንደሆነ አያለሁ። በዝቅተኛ ሲዲ ፎር የሚይዝለትም ሰው አለ። ሌላው፣ ሦስተኛው ዶዝ በስድስተኛው ወር ነው፤ አሁን ቢጀምር ያ ዶዝ የሚያርፈው ቫይረሱ ከወረደ ከወራት በኋላ ነው። ባለቤቱ ወይም አብሮት የሚኖር ሰው የጉበት ቢ ካለባቸውማ ነገ ጠዋት ይጀምር። እንዲህ ያለ አደጋ ከሌለና ገንዘቡ ካስቸገረው፣ ያንተን መንገድ ቢከተል አልከራከረውም፣ የሚጀምርበት ቀን ግን ዛሬውኑ ካርዱ ላይ ይጻፍ።

---

ካርዱን_የያዘ · ማክሰኞ ማታ 3፡40

እኔ ጥያቄዬ ትንሽ ያስፈራል። ባለፈው ሳምንት ለጉዞ ብዬ ቢጫ ወባ ተወግቻለሁ። ኤች.አይ.ቪ እንዳለብኝ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። መድኃኒት ላይ 4 ዓመቴ ነው፣ ሲዲ ፎር ከተሠራልኝ ግን ቆይቷል። አሁን ምን ላድርግ?

---

ሲስተር_ማራኪ · ማክሰኞ ማታ 3፡55

አይዞህ። 4 ዓመት በደንብ ከወሰድክና ቫይራል ሎድህ የወረደ ከሆነ ሲዲ ፎርህ ከ200 በላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ነገ ኤ.አር.ቲ ክሊኒክህ ሄደህ የተከተብክበትን ቀን ተናገርና ሲዲ ፎር ይሠራልህ። መድኃኒትህን አታቋርጥ።

መጠንቀቅ ያለብህ ይህን ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ከባድ ትኩሳት፣ ትውከት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መቀነስ ወይም የድድ መድማት ካየህ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂድ፤ የቢጫ ወባ ክትባት መውሰድህንም በመጀመሪያው ቃልህ ንገራቸው። እስከ አንድ ወር ድረስ ደግሞ ከባድ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት ወይም የእግር መዛል ካለ እንዲሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀለል ያለ ትኩሳትና ቁርጥማት ግን ማንም ሰው ላይ ይኖራል፣ እሱ አያስደንግጥህ።

---

የላብራቶሪ_ሰው · ረቡዕ ጠዋት 2፡30

ለሁለቱም የሚሆን አንድ ማሳሰቢያ፣ እኛ ዘንድ ብዙ ጭቅጭቅ የሚያመጣ ስለሆነ። ክትባት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያነቃ፣ ቫይራል ሎድ ለጥቂት ሳምንታት ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ይህ በግልጽ የታየው መድኃኒት በማይወስዱ ሰዎች ላይ ነው፣ በደንብ በሚወስዱ ላይ እምብዛም ነው። ቢሆንም የቫይራል ሎድ ደም የሚሰጥበት ቀን ካለ፣ ወይ ደሙን መጀመሪያ ሰጥቶ ክትባቱን በዚያው ቀን ቀጥሎ ይውሰድ፣ ወይ ከክትባቱ በኋላ 4 ሳምንት ይቆይ። አለዚያ 120 ወይም 180 የሚል ቁጥር ይወጣና ሰውየው "መድኃኒት ዘለልክ" እየተባለ ይመከራል።

ከ1000 በላይ ከወጣ ግን በክትባት አታሳብቡ። ያ ሌላ ችግር ነው።

---

የትምህርት_ቤት_እናት · ረቡዕ ጠዋት 4፡10

ስለ ሴት ልጅ ልጠይቅ። 12 ዓመቷ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ መድኃኒት ላይ ናት፣ ቫይራል ሎዷም የወረደ ነው። ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት አንድ ጊዜ ተወግታ "ጨርሳለች" ተባለች። ጨርሳለች?

---

ሲስተር_ማራኪ · ረቡዕ ቀን 7፡00

እታለም፣ አልጨረሰችም። አንድ ዶዝ ይበቃል የተባለው ኤች.አይ.ቪ ለሌለባቸው ልጆች ነው። ኤች.አይ.ቪ ላለባት ልጅ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ዶዝ ይላል። ሦስት ከሆነ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው። ቀኑ ቢያልፍም ችግር የለም፣ ከመጀመሪያ አይጀመርም። የሞተ ክትባት ነው፣ አይጎዳትም።

ትምህርት ቤት ለአስተማሪ አትንገሪ። ቀጣዩን ዶዝ መድኃኒት በምትወስድበት ክሊኒክ በኩል ጠይቂ፣ የመጀመሪያውን ካርድ ይዘሽ ሂጂ።

---

አዘዞ_07 · ዓርብ ማታ 1፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘመዴ ትናንት ክሊኒክ ሄዶ ሐኪሙ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ጻፈለት። "በሕክምና ምክንያት የቢጫ ወባ ክትባት አይሰጠውም" የሚል ብቻ ነው፣ ማህተምና ቀን አለው። ኤምባሲውን ደውሎ ወረቀቱን በኢሜይል ላክልን አሉት፣ መልስ እየጠበቀ ነው። መልሱ አልመጣ ከሆነ አለቃው ሌላ ሰው እንዲልክ አነጋግሮታል።

የጉበት ምርመራው ኔጋቲቭ ወጣ። ሚስቱም ተመርምራ ኔጋቲቭ ናት። የጉበት ቢ የመጀመሪያውን ዶዝ ዛሬ በሁለቱም ክንዶቹ ወሰደ፣ ቀጣዩ ከወር በኋላ ነው። ሦስተኛው ግን በካርዱ ላይ ከቫይራል ሎድ ደሙ ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው የተጻፈው። የላብራቶሪ ሰው፣ ክትባቱን ላዘግየው ወይስ ደሙን?

---

የላብራቶሪ_ሰው · ዓርብ ማታ 1፡30

ክትባቱን አዘግይ፣ ደሙን አትንካ። ሦስተኛው ዶዝ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ምንም አይጎድልበትም፣ እንዲያውም በመካከሉ ያለው ጊዜ መርዘሙ አይጎዳም። ደሙን በሚሰጥበት ቀን ሲዲ ፎሩንም በቁጥር አሠርቶ፣ ከላብራቶሪ ወጥቶ በዚያው ይወጋ።